«ግሩፑ ላይ አለ፤ ወደ ላይ አንብቢ»

ሥራ ከተጋመሰ በኋላ ለሚመጣ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው ነገር አንድ ሆኗል፦ «ሁሉም ነገር ግሩፑ ላይ አለ፤ ወደ ላይ እየሄድሽ አንብቢ።» ንግግሩ ውሸት የለበትም። ሁሉም ነገር በእርግጥ እዚያ አለ፤ ችግሩም ይኸው ነው። የገና መልካም ምኞቱ፣ «መኪናው ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ የላከው አንድ ፎቶ፣ ከወር በኋላ የተሻረው ውሳኔና የሻረው ውሳኔ፣ ሁሉም እኩል መጠን ባላቸው ሣጥኖች ተደርድረው ተቀምጠዋል። የትኛው እስከ ዛሬ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሞተ የሚናገር ምልክት የላቸውም።

ለማሳያ አንድ ሥራ እንውሰድ። ጉዳዩን ያዋቀርኩት እንዲህ ባሉ ሥራዎች ላይ ከሚደጋገሙ ነገሮች ስለሆነ የሰውም የድርጅትም ስም የለውም። አንድ አነስተኛ ድርጅት በደጋ አካባቢ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያና የእጅ መታጠቢያ ቧንቧዎች ያሠራል። የከተማው መስመር ለትምህርት ቤቱ ውሃ የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት የመጣውን ሮቶ ውስጥ አጠራቅሞ ቀን ለተማሪዎች ማከፋፈል ነው የታሰበው። ገንዘቡን ያዋጡት አሜሪካ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ መሐንዲሱ፣ ፎርማኑ፣ የግዢ ሠራተኛዋ፣ ከፋይናንስ አንድ ሰው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊና ከዋሽንግተን አካባቢ የተወላጆቹ ተወካይ አሉበት።

ሥራው በጥቅምት 2018 ተጀመረ። መጋቢት ሲገባ መሐንዲሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊለቅ ነው፤ በምትኩ አንዲት መሐንዲስ ተቀጥራለች። በአምስት ወር ግሩፑ ላይ 2,300 ያህል መልእክት ተከማችቷል፤ ከዚህ ውስጥ 180 ያህሉ የድምፅ ነው። ኃላፊዋ መሐንዲሱን «ከመሄድህ በፊት ማጠቃለያ ጻፍላት» ብላዋለች።

እሱም እንደ ማንኛችንም ከላይ ጀምሮ እያነበበ መጻፍ ይጀምራል። ጥቅምት 20 ቦታው ታየ። ኅዳር 4 ባለ 10,000 ሊትር አንድ ሮቶ ስድስት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ኅዳር 18 ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። እንዲህ እያለ ሦስት ገጽ ይሞላል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፤ አዲሷ መሐንዲስ ግን ሦስቱንም ገጽ አንብባ ዛሬ ሳይት ላይ ስትደርስ ስንት ሮቶ እንደምታገኝ አታውቅም። የተሰጣት የሥራው ታሪክ ነው። እሷ የምትፈልገው ሥራው አሁን ያለበትን ሁኔታ ነው፤ ምን ቆሟል፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው፣ የትኛው ውሳኔ ጸንቷል፣ ለምን ጸና።

ስለዚህ ንባቡ ከታች ነው መጀመር ያለበት። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አጥርቶ ማንበብ፣ ከዚያ የተነሡትን ጉዳዮች እያንዳንዳቸውን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ፣ መነሻቸው ላይ ሲደርሱ ማቆም። የሮቶውን ጉዳይ እንከተል። ከታች ሲነሡ የካቲት መጨረሻ ላይ «የድንጋይ መደቡ ግማሽ ደርሷል» የሚል የፎርማኑ መልእክት ይገኛል። መደብ? ማማ አልነበረም እንዴ? ወደ ኋላ ሲሄዱ ታኅሣሥ 11 ላይ መልሱ አለ። ማማው ሊቆም በታሰበበት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ ሲቆፈር ሁለት ሜትር ድረስ መረሬ ሆኖ ተገኘ። መረሬ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሮቶው ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ቶን ስለሚመዝን ማማው ዓመት ሳይሞላው ማዘንበሉ አይቀርም። በዚህ ምክንያት ማማው ቀርቶ፣ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶዎች ከግቢው በላይ በኩል ባለው አለታማ ቦታ፣ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ እንዲቀመጡ ተወሰነ። ቦታው ከቧንቧዎቹ ሰባት ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃው በራሱ ይወርዳል።

ከታች የጀመረ አንባቢ የኅዳር 4ቱን ውሳኔ ሲያገኘው ሞቶ ነው የሚያገኘው። ከላይ የጀመረው ደግሞ ሕያው መስሎት ይቀበለውና በኋላ መሻሩን ካላስተዋለ እስከ መጨረሻው ተሸክሞት ይሄዳል። ግሩፑ ላይ `final` የሚል ስም ያለው የማማው ንድፍ ፒዲኤፍ እስከ አሁን አለ። ከእሱ በታች `final2` የሚል የመደቡ ንድፍ አለ። ስሙን ብቻ አይቶ የመጀመሪያውን ለአናጢ የሚያትም ሰው አይጠፋም።

ግን ከታች መነሣትም የራሱ ወጥመድ አለው፤ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ ውሳኔ አይደለም። የካቲት 25 የተወላጆቹ ተወካይ «ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤትም አንድ መስመር ቢቀጠልስ?» ብሎ ጽፏል። ሦስት ሰዎች አውራ ጣት አሳይተውታል፤ ርዕሰ መምህሩ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጻፈ የለም። ይህ ተወስኗል? ኃላፊዋ ምንም አላለችም፣ ፋይናንስ ገንዘብ አልመደበም፣ ንድፍ አልተሠራም። ማጠቃለያው ውስጥ መግባት ያለበት «ሐሳብ ቀርቧል፣ ውሳኔ አላገኘም» ተብሎ ነው። አውራ ጣቱን እንደ ፊርማ ቆጥሮ «መስመሩ ይቀጠላል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለአዲሷ መሐንዲስ ማንም ያላዘዘውን ሥራ ያስረክባታል።

«እሺ»ም እንደዚሁ ነው። በእኛ ግሩፖች ውስጥ አንዱ ሲጽፈው ሰማሁ ማለቱ ነው፣ ሌላው ተስማማሁ፣ ሦስተኛው ዛሬውኑ አደርገዋለሁ። ከጽሑፉ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ደረሰኝ ተልኳል? ፎቶ መጥቷል? ካልመጣ ወይ ሰውየውን መጠየቅ ነው፣ ወይ «አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ነው። «ይላካል»፣ «ይታያል»፣ «ይታሰብበታል» የሚሉት ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ግሦች ናቸው። ግሩፑ ላይ ጨዋነት ናቸው፤ ማጠቃለያ ውስጥ ሲገቡ ሥራን ያስቀራሉ። «ቀሪው ክፍያ ይላካል» የሚለውን «ቀሪውን ክፍያ ፋይናንስ ይልካል፤ የሚልከው መሐንዲሷ መደቡን አይታ ስትፈርም ነው» ብሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ለውጥ ለማድረግ ሲሞከር ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማንም እንደማያውቅ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግሩፑ ላይ የሌለው ነው። ጥር 20 ርዕሰ መምህሩ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ኢንጂነር፣ እዚያ ቦታ ላይ እኮ ሁለት መማሪያ ክፍል ሊሠራ ታቅዷል። ወረዳው ያውቃል።» ከሁለት ሰዓት በኋላ መሐንዲሱ «በስልክ እንደተነጋገርነው ይሁን» ይላል። ርዕሰ መምህሩ «እሺ ልጄ» ይላሉ። አለቀ። ስልኩ ላይ ምን ተባለ? የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከስድስት ቀን በኋላ ፎርማኑ የላከው የቁፋሮ ፎቶ ላይ ግን ጉድጓዱ ከአጥሩ አጠገብ ይታያል። ስልኩ ላይ የተስማሙት መደቡ ወደ ኋላ 20 ሜትር እንዲሸሽ ነበር። ይህን የሚያሳይ ንድፍ የለም፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ደብዳቤም ገና አልመጣም። «በስልክ እንደተነጋገርነው»፣ «በአካል እንዳልኩሽ»፣ «የትናንቱ እንዳለ ሆኖ» የሚሉ መልእክቶች በሙሉ መለቀም አለባቸው። እያንዳንዳቸው አንድ የጠፋ ገጽ ናቸው፤ ገጹን ሊሞላ የሚችለው ሰው ደግሞ ሊለቅ ነው። ለዚህ ነው ማጠቃለያ ከመልቀቂያው ቀን ሳምንት ቀድሞ መጀመር ያለበት።

መፈለጉ ራሱ በአማርኛ ግሩፕ ውስጥ የተለየ ጣጣ አለው። ቴሌግራም የሚፈልገው የተጻፈለትን ፊደል ነው። «ውሃ» ብሎ የፈለገ ሰው «ውኃ» እና «ውሀ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ፎርማኑ ደግሞ ሁሉንም በላቲን ፊደል `wuha` እያለ ይጽፋል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዕቃ» እና «እቃ»ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ «ፈለግኩ፣ የለም» ማለት ገና አልተፈለገም ማለት ሊሆን ይችላል። የሚሻለው በሰው መፈለግ ነው። በግሩፑ መፈለጊያ ላይ የአንድን አባል መልእክቶች ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ የግዢ ሠራተኛዋን ሁሉንም፣ ከዚያ የፎርማኑን። በቀን መቁጠሪያው ወደ አንድ ቀን መዝለልም ይቻላል። ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቴሌግራም ሙሉ ግሩፑን `Export chat history` በሚለው ያወጣል፤ በወረቀት እያነበቡ ማስመር ለሚመርጥ ሰው ይህ ይበጃል።

የድምፅ መልእክቶቹን ግን መስማት ያስፈልጋል። ሰዎች በድምፅ የሚናገሩት ረዘም ያለውን፣ የሚያከራክረውን፣ ለመጻፍ የሚከብደውን ነው፤ ምክንያቶቹ ያሉትም እዚያ ነው። ስለ መረሬው የተብራራው ሁሉ በሦስት የድምፅ መልእክት ውስጥ ነው፤ በጽሑፍ ያለው «ማማው ይቀራል» የሚል ሁለት ቃል ብቻ። ፍጥነቱን ጨምሮ መስማት ይቻላል። አጠገባቸው የተጻፈው ርዕስ ቢቀር እንኳ የሰሙትን በአንድ መስመር ከነቀኑ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው ያንን ሁሉ ሰዓት ያተርፍለታል። አንድ ሌላ ነገርም ልብ ይሏል፦ ቴሌግራም ላይ የተሰረዘ መልእክት ቦታውን አይተውም። መልስ ሲኖር ጥያቄው ከሌለ፣ ወይ በድምፅ ወይ በስልክ ተጠይቋል፣ ወይ ተሰርዟል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አገሮች የማያውቁት ችግር አለብን። ስልኩ በፈረንጆች ቀን ያትማል፣ ሰው በራሱ ይጽፋል። ታኅሣሥ 30 የግዢ ሠራተኛዋ «ሻጩ ሮቶዎቹን እስከ 12 አደርሳለሁ ብሏል» ብላ ጽፋለች። መልእክቱ ላይ ስልኩ ያስቀመጠው ቀን ጃንዋሪ 8 ነው። ሻጩ ጃንዋሪ 12 ማለቱ ከሆነ ጥር 4 ነው፤ ጥር 12 ማለቱ ከሆነ ጃንዋሪ 20 ነው። ስምንት ቀን ልዩነት አለው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ። ሻጩ ጥር 12 ማለቱ እንደነበረ የሚታወቀው ዕቃው ጥር 14 ሲገባ ማንም ዘገየ ብሎ ባለመቆጣቱ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ፎርማኑ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቁፋሮ እንጀምራለን» ብሎ የጻፈው ስልኩ ላይ 12:40 ኤኤም ሲል ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40። ለስልኩ ቀኑ ተለውጧል። ለፎርማኑ ግን አልነጋም፤ «ነገ» ያለው ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ጠዋት ነው። የስልኩን ቀን ተከትሎ የቆጠረ ሰው ቁፋሮውን በአንድ ቀን ያዘገየዋል። ዋሽንግተን ያለው ተወካይ ደግሞ ያንኑ መልእክት በፊተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደተጻፈ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ማጠቃለያው ውስጥ «ነገ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ከበዓል በኋላ» የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ወር ከነቀኑ፤ የውጭ ሰው ካለበት ሁለቱም አቆጣጠር፤ ሰዓት ከሆነም «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ የቀኑ ክፍል ተጨምሮበት።

ርክክብ ላይ ሰው የሚያልቀውን ያልቃል፣ ያልተጀመረውን አልተጀመረም ይላል፤ የሚያመልጠው የተጋመሰው ነው። በሰሜን ባሕር በፓይፐር አልፋ የነዳጅ መድረክ ላይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 የሆነው ለዚህ ዋናው ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። የቀኑ ፈረቃ የአንዱን ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ ለምርመራ አውጥቶ በምትኩ ጊዜያዊ መክደኛ አድርጎ ነበር፤ ሥራው ሳያልቅ መሸ። የሌሊቱ ፈረቃ ፓምፑ ለጥገና መቆሙን ያውቃል፤ ቫልቩ መነሣቱን ግን አላወቀም፤ የሁለቱ ሥራዎች የፈቃድ ወረቀት የተለያየ ነበር። ሌላው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንን አስነሡት። ጋዝ አመለጠ፣ ፈነዳ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። የትምህርት ቤት ሮቶ ሰው አይገድል ይሆናል። ግማሹ የተነገረ ነገር ግን ጭራሽ ካልተነገረው ይብሳል፤ የሰማው ሰው አውቄአለሁ ብሎ ስለሚያምን ሌላ አይጠይቅም። «ለግንበኛው ተከፍሎታል» የሚል ማጠቃለያ እንደዚያ ነው። የተከፈለው 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካጣራ በኋላ መሐንዲሱ የጻፈው ከገጽ ተኩል አልበለጠም። እነሆ፦

«ይህ ማጠቃለያ የተጻፈው መጋቢት 3 ቀን 2018 (ማርች 12፣ 2026) ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግሩፑ ላይ ተመልከቺ።

አሁን ያለበት፦ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶዎች ተገዝተው ጥር 14 ትምህርት ቤቱ መጋዘን ገብተዋል፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው። ባለ 50 ሜትር ሦስት ጥቅል የፕላስቲክ ቧንቧ ጥር 16 ተገዝቶ አብሮ ተቀምጧል። የሮቶዎቹ የድንጋይ መደብ ግማሽ ደርሷል። ለግንበኛው 30 በመቶ ተከፍሏል፤ ቀሪውን ፋይናንስ የሚከፍለው አንቺ መደቡን አይተሽ ስትፈርሚ ነው።

የምንጠብቀው፦ የቦታ ፈቃድ ደብዳቤ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የሚከታተሉት ርዕሰ መምህሩ ናቸው፤ እስከ መጋቢት 10 አመጣለሁ ብለዋል። ደብዳቤው ሳይመጣ ሮቶ እንዳይሰቀል።

የጸኑ ውሳኔዎች፦ ማማው ቀርቷል፤ የግቢው የታችኛው ክፍል ሁለት ሜትር ድረስ መረሬ ስለሆነ ነው (ታኅሣሥ 11፣ ሦስት የድምፅ መልእክት፣ ሊንኩ እዚህ)። በዚያ ቀን በተሠራው ንድፍ ከመደቡ እስከ ቧንቧዎቹ 140 ሜትር ነው። መደቡ ከንድፉ ቦታ ወደ ኋላ 20 ሜትር ሸሽቷል፤ የቀድሞው ቦታ ለሁለት መማሪያ ክፍል የታቀደ በመሆኑ። ይህን ጥር 20 ከርዕሰ መምህሩ ጋር በስልክ ነው የተስማማነው፤ ጽሑፍ የለውም፣ ንድፉም አልታረመም። `final` የሚለውን ፒዲኤፍ አትጠቀሚ።

ታስበው የቀሩ፦ ፓምፕ አንገዛም። ፎርማኑ ውሃ በመጣበት ሌሊት ጎማውን ላይኛው ቦታ ድረስ አውጥቶ ሲሞክር ውሃው በራሱ ደርሷል። የተሞከረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ከቀነሰ ጉዳዩ እንደገና ይነሣል።

ያልተወሰነ፦ ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት መስመር መቀጠል። ተወካዩ የካቲት 25 አንሥተውታል፤ ኃላፊዋ መልስ አልሰጡም።

ያላረጋገጥኩት፦ የከተማው መስመር የሚመጣባቸው ሁለት ሌሊቶች ክረምት ላይ ይቀየሩ እንደሆነ።»

እዚህ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ፓምፑን የሚመለከተውን ነው። የቀረ ሐሳብ ለምን ይጻፋል የሚል ሰው አለ። አዲስ መሐንዲስ ቦታውን አይታ መጀመሪያ የምትለው «ፓምፕ ለምን አልገዛችሁም?» ነው። ምክንያቱ ካልተጻፈላት ወይ ያለቀውን ክርክር እንደገና ትከፍታለች፣ ወይ እንግዳ ነኝ ብላ ዝም ትላለች። ምክንያቱ ከነድክመቱ ሲጻፍላት ግን፣ አንድ ሌሊት ብቻ መሞከሩን አይታ ሁለተኛ ሌሊት ልታስሞክር ትችላለች።

ከጽሑፉ የቀሩም አሉ። በታኅሣሥ ፎርማኑና የግዢ ሠራተኛዋ ስለ ሲሚንቶ ጥራት የተነጋገሩት ክፉ ንግግር የለም፤ ሲሚንቶው ተቀይሯል፣ ሰዎቹም ታርቀዋል። የግንበኛው የባንክ ሒሳብ ቁጥርም የለም። ቁጥሩ ግሩፑ ላይ ሁለት ጊዜ ተልኳል፣ ሁለቱም ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከግሩፕ አይገለበጥም፤ ፋይናንስ ዘንድ ካለው ውል ላይ ነው የሚወሰደው። መሐንዲሷ ግሩፑ ውስጥ ስትገባ የቀድሞውን መልእክት ሁሉ ታይ ወይስ አትይ የሚለውም በግሩፑ አስተዳዳሪ የሚወሰን ቅንብር ነው። ለአባላቱ ሳይነግሩ የአምስት ወር ንግግራቸውን ለእንግዳ መክፈት ነውር ስለሚሆን፣ ኃላፊዋ አስቀድማ «አዲሷ መሐንዲስ ሰኞ ትገባለች፣ የቀድሞውንም ታያለች» ብላ ብታሳውቅ ይሻላል። ውሳኔዎቹ አጠገብ ያሉት ሊንኮችም የሚከፈቱላት አባል ስትሆን ነው።

ጽሑፉ ተላከ ማለት ግን ርክክብ ተፈጸመ ማለት አይደለም። በሆስፒታሎች ሐኪም ለሐኪም በሽተኛ የሚያስረክብበትን መንገድ ያጠኑ ሰዎች አይ-ፓስ የሚባል ሥርዓት አበጅተዋል። የመጨረሻው ክፍሉ ተረካቢው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያዛል። በአሜሪካና በካናዳ ዘጠኝ ሆስፒታሎች ውስጥ ሥርዓቱ ከነሥልጠናው ሲሞከር የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ልዩነቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ መልሶ መናገሩ ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ የማይሞከርበት ምክንያት አይታየኝም።

መሐንዲሱና አዲሷ መሐንዲስ ተቀምጠው ይህን አደረጉ። እሷ ወረቀቱን ዘግታ መናገር ጀመረች። «መደቡ ግማሽ ደርሷል፤ ደብዳቤው ካልመጣ አልሰቅልም። ቧንቧው ሦስት ጥቅል፣ 150 ሜትር ነው። ንድፉ ላይ ርዝመቱ 140 ነበር። መደቡ 20 ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቷል…» አለችና ቆመች። «ታዲያ 160 አይሆንም እንዴ፣ ወንድሜ?»

ይሆናል። አሥር ሜትር ይጎድላል። የግዢ ሠራተኛዋ ቧንቧውን የገዛችው ጥር 16 በነበረው ንድፍ ነው፤ ቦታው የተለወጠው ጥር 20 በስልክ ነው። ሁለቱ ነገሮች በግሩፑ ላይ በአራት ቀንና በመቶ በሚጠጉ መልእክቶች ተለያይተው ለአንድ ወር ተኩል ያህል ቆይተዋል። አሁን አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ሒሳቡ ራሱ ታየ። መሐንዲሱ «ያላረጋገጥኩት» በሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመረበት፦ «ቧንቧው ከአዲሱ መደብ እስከ ቧንቧዎቹ ይደርስ እንደሆነ በሜትር ይለካ፤ አሥር ሜትር ሊጎድል ይችላል፤ የምትለካው አዲሷ መሐንዲስ፣ ከፎርማኑ ጋር፣ መጋቢት 5 ጠዋት 3 ሰዓት።» ከዚያ የታረመውን ግሩፑ ላይ ለጥፎ ፒን አደረገው፤ የግዢ ሠራተኛዋም ከሥሩ «እሺ» ብላ መለሰች። አዲሷ መሐንዲስ ደወለችላት።